ዶሮ አትጾምም፣ ገበያው ግን ይጾማል
የእንቁላል እርባታ ለመጀመር የሚበደር ማኅበር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ወር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ዙሪያ ያሉት የጉለሌ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ለከተማ ግብርና አዲስ አይደሉም። ከግቢ ጀርባ ላም ማለብ፣ ጎመን መትከልና ዶሮ ማርባት የቆየ ኑሮ ነው። በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ በከተማም በገጠርም ተደራጅተው እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማርባት ብድር የሚጠይቁ ወጣቶች በዝተዋል። ወደ ብድር ተቋም ይዘው የሚሄዱት የንግድ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ትርፉን ነው። ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ግን አያሳይም።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ማሳያ መውሰድ ይበቃል። አምስት ወጣቶች በጉለሌ ተደራጅተው 500 ቄብ ዶሮ ሊያስገቡ ነው እንበል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በአካባቢው ገበያ ሊተካቸው ይችላል። የሚሞቱትን ቀንሰን 480 ዶሮዎች በሙሉ አቅማቸው ሲጥሉ በቀን 400፣ በወር 12,000 እንቁላል ይገኛል። እንቁላሉ በ12 ብር ቢሸጥ ወርሃዊ ገቢው 144,000 ብር ነው። ለመኖ 66,000፣ ለጥበቃ፣ ለመድኃኒት፣ ለውኃና መብራት፣ ለጉዝጓዝና ለመጓጓዣ ደግሞ 20,000 ብር ቢወጣ በወር 58,000 ብር ይተርፋል። ይህን በ12 አባዝቶ በዓመት ወደ 700,000 ብር የሚጠጋ ትርፍ የሚጽፍ ዕቅድ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል።

ስሌቱ ግን ሦስት ነገሮችን ረስቷል። ቄቧ ከገባች በኋላ እንቁላል ሳትጥል የምትበላባቸው ወራት አሉ። ብድሩ የሚመለስበት ቀን አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንቁላል ገበያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ዓመቱን በጾም መቁጠር

የእንቁላል፣ የወተትና የቅቤ ነጋዴ ዓመቱን የሚቆጥረው በጾምና በፋሲካ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። የፍልሰታ ጾም የነሐሴን የመጀመሪያ 15 ቀናት ይይዛል። የሐዋርያት ጾም ደግሞ እስከ ሐምሌ 4 ይቆያል። ከሁሉም የሚረዝመውና ገበያውን አብዝቶ የሚያቀዘቅዘው የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ነው።

ቀኑ የማይለዋወጠውን ጾም በዕቅድ ማስገባት ቀላል ነው። ዐቢይ ጾም ግን ይንቀሳቀሳል። በ2018 ዓ.ም የካቲት 9 ጀምሮ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ይውላል። በ2019 ዓ.ም የካቲት 29 ይጀምርና ፋሲካው ሚያዝያ 24 ይሆናል። የሃያ ቀን ልዩነት ነው። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ጥሩ ገበያ ነበር ብሎ ያንኑ ቁጥር ለሚቀጥለው ዓመት የገለበጠ ማኅበር አብዛኛውን ሚያዝያ በጾም ያገኘዋል። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ የዘመኑን አጽዋማት ከቀን መቁጠሪያው ላይ አውጥቶ ከወራቱ ጎን መጻፍ ነው።

በጾም ወቅት እንቁላል ፈጽሞ አይሸጥም ማለት አይደለም። የማይጾሙ ደንበኞች፣ ሆቴሎች፣ ሕፃናትና ሕሙማን ያሉባቸው ቤቶች ይገዛሉ። በዚህ ማሳያ በዐቢይ ጾም ከሚጣለው እንቁላል 60 በመቶው ብቻ በ7 ብር እንደሚሸጥ ተገምቷል። በነሐሴ ጾም 75 በመቶው በ8 ብር፣ በሰኔ ደግሞ ሁሉም በ11 ብር ይሸጣል ተብሏል። አንድ ማኅበር የራሱን ግምት ለማግኘት ከገመተው ይልቅ ሊረከቡት ያሰባቸውን ሱቆችና ሆቴሎች ባለፈው ዐቢይ ጾም በሳምንት ስንት እንቁላል እንደገዙ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሥራ ሁለት መስመር

የማሳያው ማኅበር 60,000 ብር ቆጥቧል፤ 600,000 ብር ብድር ተፈቅዶለታል። ብድሩ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። በመስከረም ለቤትና ለዕቃ 220,000 ብር ይሰጣል፤ ቤቱ ተሠርቶ ከታየ በኋላ በጥቅምት ቀሪው 380,000 ብር ለቄብና ለመኖ ይለቀቃል። ወለድን ጨምሮ 30,000 ብር ወርሃዊ ክፍያ ከየካቲት ይጀምራል።

ሦስት ወር የሆናቸው ቄቦች እያንዳንዳቸው በ400 ብር ተገዝተው ጥቅምት 1 ይገባሉ። እንቁላል ጣይ ዶሮ መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ወጪ ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ 4,500፣ በጥር 10,000 እንቁላል ይገኛል። ሙሉ ምርቱ የሚደርሰው በየካቲት ነው።

ሠንጠረዡ በሺህ ብር የተሞላ ነው። «የገባ» የሚለው ብድርንም ሽያጭንም ይይዛል፤ «የወጣ» የሚለው ደግሞ የብድር ክፍያን ጨምሮ ከእጅ የወጣውን ሁሉ ይይዛል።

| ወር | የገባ | የወጣ | የወሩ መጨረሻ ቀሪ | ምልክት |
|---|---|---|---|---|
| መስከረም | 280 | 230 | 50 | ቢጫ |
| ጥቅምት | 380 | 265 | 165 | አረንጓዴ |
| ኅዳር | 0 | 74 | 91 | አረንጓዴ |
| ታኅሣሥ | 36 | 84 | 43 | ቢጫ |
| ጥር | 120 | 86 | 77 | አረንጓዴ |
| የካቲት | 75 | 116 | 36 | ቢጫ |
| መጋቢት | 50 | 116 | −30 | ቀይ |
| ሚያዝያ | 144 | 116 | −2 | ቀይ |
| ግንቦት | 144 | 116 | 26 | ቀይ |
| ሰኔ | 132 | 116 | 42 | ቢጫ |
| ሐምሌ | 144 | 116 | 70 | አረንጓዴ |
| ነሐሴ | 108 | 116 | 62 | ቢጫ |

የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ማኅበሩ ደህና ነው ይላል። በ60,000 ብር ጀምሮ፣ ሰባት ወር ዕዳ ከፍሎ፣ 62,000 ብር በእጁ ይዞ ዓመቱን ጨርሷል። ችግሩ ወደ ነሐሴ ለመድረስ በመጋቢት ማለፍ ግድ መሆኑ ነው፤ በመጋቢት ደግሞ 30,000 ብር ይጎድላል።

መጋቢት የተጎዳው በአጋጣሚ አይደለም። በጥቅምት የገቡት ቄቦች ሙሉ ምርት የሚሰጡት ልክ ጾሙ ሲገባ ነው። የብድሩ ክፍያም የሚጀምረው በዚያው ወር ነው። ከፍተኛው ምርት፣ ዝቅተኛው ገበያና አዲሱ ዕዳ በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል።

ቢጫና ቀይ መስመር

የመጨረሻው ዓምድ ማስጠንቀቂያ ነው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ስለማይጠቅም መስመሩ ከዜሮ በላይ መሰመር አለበት። ለዶሮ እርባታ ተስማሚው መለኪያ መኖ ነው፤ የሌላው ክፍያ ቢዘገይ ይለመናል፣ ዶሮዋ ግን ለነገ አትባልም። የአንድ ወር መኖ 66,000 ብር ስለሆነ ቀሪው ከዚያ ሲያንስ ቢጫ፣ ከ15 ቀን መኖ ማለትም ከ33,000 ሲያንስ ቀይ ይባላል። የወረዳ ባለሙያዎች ሠንጠረዡን በኮምፒውተር ከሠሩት ወሩ በA፣ የገባው በB፣ የወጣው በC፣ ቀሪው በD ዓምድ ሆኖ የጥቅምት መስመር በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲውል እነዚህ ሁለት ቀመሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው በD3፣ ሁለተኛው በE3 ይገባል።

```
=D2+B3-C3
=IF(D3<33,"ቀይ",IF(D3<66,"ቢጫ","አረንጓዴ"))
```

በደብተር ለሚሠራም መንገዱ ያው ነው፤ ያለፈው ወር ቀሪ ላይ የገባውን ደምሮ የወጣውን መቀነስ ነው።

ቢጫ ምልክት ሥራ ይቁም ማለት አይደለም። አዲስ ዕቃ አይገዛ፣ ለአባላት ክፍያ አይውጣ፣ በዱቤ የተሰጠ እንቁላል ይሰብሰብ ማለት ነው። ቀይ ምልክት ግን በዕቅዱ ላይ ከታየ ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ዕቅዱ ራሱ መስተካከል አለበት።

የወር መጨረሻ ቀሪ የወሩን መካከል እንደሚደብቅም ማስታወስ ያሻል። መኖ የሚገዛው በወሩ መጀመሪያ ነው፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን በየቀኑ እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ከሆቴል የሚገኘውም ሊዘገይ ይችላል። ማኅበሩ መጋቢት 1 የሚገባው በ36,000 ብር ስለሆነ የወሩን መኖ በአንድ ጊዜ መግዛት አይችልም። ጉድለቱ የሚታወቀው መጋቢት 30 ሳይሆን መጋቢት 1 ነው።

ሠላሳ ሺህ ብር ሲጎድል ምን ይሆናል?

ገንዘብ ያጠረው ማኅበር መጀመሪያ የሚቀንሰው መኖ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። የእንጦጦ ግርጌ ብርድ በሚበረታባቸው ሌሊቶች ደግሞ ገላዋን ለማሞቅ ከዚያ በላይ ትበላለች፤ ቆላ ላይ የተሠራ የመኖ ስሌት ለጉለሌ ሊያንስ የሚችለውም ለዚህ ነው። መኖው ሲቀነስ ወይም በፉርሽካ ብቻ ሲሞላ የእንቁላሉ ቁጥር በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ላባ መጣልም ሊከተል ይችላል። መኖው ሲመለስ ግን ምርቱ በዚያው ፍጥነት አይመለስም፤ ሳምንታት ይወስዳል።

እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ፋሲካና ዳግማ ትንሣኤ የሚውሉበት ገበያ ናቸው። በመጋቢት መኖ የተቀነሰባቸው ዶሮዎች በሚያዝያ የምርታቸውን ግማሽ ብቻ ቢሰጡ 72,000 ብር ይታጣል። የ30,000 ብር ጉድለት ከሁለት እጥፍ በላይ ኪሳራ ወለደ ማለት ነው። ዶሮዎቹን በጾም መካከል ለመሸጥ መሞከርም አያዋጣም፤ የዶሮ ሥጋ ገበያም አብሮ ጾሟል።

ያልተሸጠውን እንቁላል አቆይቶ ለፋሲካ መሸጥስ? በከፊል ይሠራል። በቀዝቃዛና ጥላ ባለው ክፍል፣ ሳይታጠብ በትሪ የተቀመጠ እንቁላል ሁለት ሳምንት ያህል በጥሩ ሁኔታ ይቆያል። የጾሙ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ትርፍ ወደ 2,200 እንቁላል ነው፤ በ12 ብር ቢሸጥ ከ26,000 ብር በላይ ያስገኛል። ይህ ገንዘብ የሚያዝያን ቀሪ ከዜሮ በላይ ያወጣዋል። የመጋቢትን ጉድለት ግን አይሞላም፤ የሚመጣው መጋቢት ካለፈ በኋላ ነውና። በየካቲት መጨረሻ የተጣለውን እንቁላል ለፋሲካ አስቀምጣለሁ የሚል ዕቅድ ደግሞ የተበላሸ እንቁላልና የሸሸ ደንበኛ ያተርፋል።

ብድሩ አንድ ወር ቢዘገይ

ብድር በክፍል መለቀቁ በራሱ መጥፎ አይደለም። ገንዘቡ ለታለመለት ሥራ መዋሉን ያረጋግጣል፤ ወለዱም ባልተወሰደው ገንዘብ ላይ ካልታሰበ ለተበዳሪው ይጠቅማል። አደጋው ያለው የሁለተኛው ክፍል ቀን ላይ ነው።

በማሳያው ሁለተኛው ክፍል በጥቅምት ፈንታ በኅዳር ተለቀቀ እንበል። የቤቱን ግንባታ አይቶ የሚያጸድቀው ባለሙያ ዘግይቶ ወይም አንድ ፊርማ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ቄቦቹ ኅዳር 1 ይገባሉ፤ የመጀመሪያው እንቁላል ወደ ጥር ይሸሻል፤ የጥር ጥሩ ገበያ በ10,000 ፈንታ በ4,500 እንቁላል ያልፋል። የብድሩ ክፍያ ግን ውሉ ላይ እንደተጻፈው በየካቲት ይጀምራል። ሠንጠረዡ እንደገና ሲሠራ የየካቲት ቀሪ 8,000 ብር ይሆናል፤ የመጋቢት ጉድለት ደግሞ ከ30,000 ወደ 58,000 ብር ያድጋል። የአንድ ወር መዘግየት ጉድጓዱን እጥፍ ሊያደርሰው ተቃርቧል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለወረዳ ኃላፊዎችም ለተበዳሪዎችም አንድ ነው። የእፎይታ ጊዜው የመጀመሪያው ገንዘብ ከተለቀቀበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ከተለቀቀበት ቀን ቢቆጠር መዘግየቱ በተበዳሪው ላይ ብቻ አይወድቅም። ይህ በውሉ ላይ ካልሰፈረ በኋላ በልመና አይገኝም።

ዕቅዱ የሚስተካከልባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የክፍያውን መነሻ ከፋሲካ በኋላ ማድረግ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ክፍያው ከየካቲት ወደ ሚያዝያ ቢዛወር የየካቲት ቀሪ 66,000፣ የመጋቢት 30,000፣ የሚያዝያ 58,000 ብር ይሆናል። ከዜሮ በታች የሚወርድ ወር አይኖርም። በተገፉት ሁለት ወራት ወለዱ ይቆጠራል፤ ያ ወጪ ግን ከ72,000 ብር የፋሲካ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይህን ለማግኘት ተበዳሪው ይዞ መቅረብ ያለበት ሠንጠረዡን ነው። አበዳሪው ለጾም ጊዜ አዝኖ ሳይሆን የመጋቢትን መስመር አይቶ ሊወስን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ጅማሬውን በዕቅድ ማዘግየት ነው። ቤቱ በታኅሣሥ ተሠርቶ ቄቦቹ ጥር 1 ቢገቡ የማይጥሉባቸው ወራት በጾሙ ላይ ይውላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች በመጋቢት ይመጣሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ ምርቱ ያድጋል፤ ሙሉ ምርት በግንቦት ይገኛል። ክፍያውም በተመሳሳይ ልክ ተገፍቶ ከግንቦት ይጀምራል። በዚህ ስሌት ዝቅተኛው ወር አሁንም መጋቢት ነው፤ ቀሪው ግን 26,000 ብር ነው። በሚያዝያ 60,000፣ በግንቦት 88,000 ብር እያለ ይወጣል።

26,000 ብርም ቢሆን ከቀዩ መስመር በ7,000 ብር ይጎድላል። ይህን ለመሙላት ሌላ ብድር አያስፈልግም። በ500 ፈንታ 480 ቄብ ቢገባ ለመግዣ 8,000 ብር ይቀንሳል፤ የመኖው ቅናሽ ሲጨመር መጋቢት ከቀዩ መስመር በላይ ይወጣል። የዶሮውን ቁጥር የሚወስነው ቤቱ የሚይዘው ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛው ወር የሚችለው ጭምር ነው።

ቀኑን ለመምረጥ ግን ቄቡ በተፈለገው ቀን መገኘት አለበት። ከቢሾፍቱም ሆነ ከአንዳሳና ከኮምቦልቻ ማባዣ ማዕከላት ለሚገዛ፣ ትዕዛዙ ወራት ቀድሞ ካልተያዘ ቀኑን የሚወስነው ሻጩ ይሆናል። የፈንግል ክትባት የተሰጠበት ማስረጃም አብሮ መጠየቅ አለበት፤ ቁጥሩ በበሽታ ከተመታ ሠንጠረዡ ከነቀመሩ ይፈርሳል።

በየወሩ የሚነበብ ወረቀት

ሠንጠረዡ ለብድር ማስፈቀጃ ተሠርቶ ፋይል ውስጥ ከቀረ ጥቅሙ ግማሽ ነው። በየወሩ መጨረሻ ከታቀደው ጎን እውነተኛው ቁጥር መጻፍ አለበት። ጥር ላይ 77,000 ብር የታሰበው ማኅበር በእጁ 55,000 ብር ብቻ ካገኘ መጋቢት በ30,000 ሳይሆን በ52,000 ብር እንደሚጎድል ያኔውኑ ያውቃል። ከጾሙ በፊት ሳምንት ያህል ጊዜ አለው፤ አበዳሪውን ሊያነጋግር፣ የዱቤ ሒሳብ ሊሰበስብ፣ የተወሰኑ ዶሮዎችን በሥጋ ገበያው ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። መጋቢት ላይ ቢደርስ ኖሮ ከእነዚህ የቀረለት አንዱ ብቻ ነበር፤ አበዳሪው ዘንድ መሄድ።

በነሐሴ መጨረሻ የሚታየው 62,000 ብርም ሙሉ በሙሉ ትርፍ አይደለም። የብድሩ አብዛኛው ክፍል ገና አልተከፈለም፤ ዶሮዎቹም ዓመት ከምናምን ከጣሉ በኋላ መተካት አለባቸው። በዚህ ማሳያ ዋጋ አዲስ 500 ቄብ 200,000 ብር ይፈልጋል። ለዚህ የሚቀመጠው ገንዘብ በሁለተኛው ዓመት ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ መኖው ሁሉ በየወሩ የራሱ የወጪ መስመር ያስፈልገዋል። የ2019ኙ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ደግሞ ፋሲካው ሚያዝያ 24 መሆኑን ይዞ መጀመር ነው፤ ቀዩ ወር መጋቢት ብቻ ሳይሆን ሚያዝያም ሊሆን ይችላል።